ያልተመለሰች ሰላምታ

ዙልፋ ለሂሻም በቴሌግራም መልእክቷን ላከችና ስልኳን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። አላስቻላትም፤ መልሳ ገለበጠችው። ከጽሑፏ ጎን አንዲት የራይት ምልክት አለች፤ ሄዷል ማለት ነው። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሁለተኛዋ ምልክት መጥታ ከመጀመሪያዋ ጎን ተደረበች። አነበበው!

«አባቴ ሊድረኝ ለኑርሁሴን ቃል ሊሰጥ ነው። ልጠብቅህ ወይስ ልተው? ዛሬውኑ ንገረኝ» ነበር ያለችው።

ወሩ ነሐሴ፣ ዘመኑ 2013 ነው። በጦርነቱ የቆቦን መያዝ የሰማ የመርሳ ሰው ግማሹ ሲወጣ፣ የዙልፋ አባት ሐጂ አብዱልሐሊምም የፍራፍሬ እርሻቸውን ለአላህ አደራ ብለው፣ ቤተሰባቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው አዲስ አበባ ወንድማቸው ቤት ገብተዋል። ሂሻም ግን ወልዲያ ቀርቷል። እናቱ እማማ ሲቲ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የእግራቸው ቁስል አያራምዳቸውም። እናቱን ጥሎ የት ይሂድ?

ከሂሻም ስም ሥር ድምፅ እየቀዳ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ብቅ አለ። ዙልፋ ተነሥታ ቆመች። አንድ ደቂቃ ቀዳ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት ሊሞላ ሲል ጽሑፉ ጠፋ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።

ድምፅ አልመጣም። የመጣችው አንዲት ቢጫ እጅ ናት። ብቻዋን ስለተላከች ገጹ ላይ ገዝፋ፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች፤ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛውዛ ቆመች። ሌላ ምንም የለም።

የአጎቷ ልጅ ሀስና ከትከሻዋ በላይ አየችው።

«ቻው ብሎሻል» አለች።

«አይደለም! ለእሱ እኮ ሰላምታ ናት። ጠዋት ጠዋት ይልካታል።»

«አሁን ጠዋት ነው?»

ዙልፋ ሰዓቱን አየች። ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። ደወለች፤ ጥሪው አይወጣም። እንደገና ደወለች። ማታ የወልዲያ ኔትወርክ መቋረጡን ቤቱ ሁሉ ሰማ። ከሂሻም ስም ሥር መጨረሻ የታየበት ሰዓት ተጽፎ፣ እንደቆመ ሰዓት እዚያው ቀረ። ዙልፋ ያቺን እጅ ስትነካት ትወዛወዛለች፤ ስትተዋት ትቆማለች። እየነካች አመሸች፤ ልክ ቁስልን እንደሚነካኩት።

* * *

ሂሻም የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባለው የመስኖ እርሻ ሁሉ ሞተር ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነው። ዙልፋ ደግሞ መርሳ ላይ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ኮሌጅ የጨረሰች የሐጂ ልጅ። የተዋወቁት ለእናቱ ኢንሱሊን ፍለጋ ወልዲያን ሲዞር ውሎ አጥቶ፣ ዘይት በጨማለቀው እጁ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ደጇ የቆመ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን በየወሩ በመኪና የምትልከው እሷ ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ልትጠላው ነበር። «መድኃኒቱ ደረሰህ?» ብላ ጻፈችለት፤ የተገተረ አውራ ጣት ላከላት። ለእሷ ያ ማለት «እሺ በቃኝ፣ ዝም በይ» ማለት ነው። ተቀየመችው። ሁለት ቀን ስትዘጋው፣ በሦስተኛው ቀን አፍሮ በድምፅ ላከላት።

«ዙልፋ፣ አጠፋሁ መሰለኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ስጽፍ ፊደል ይሳሳትብኛል፤ አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ፣ እንዳትስቂብኝ ፈራሁ። ጣቷ ‹ደረሰኝ፣ አላህ ይስጥልኝ› ማለቴ ነው።»

ያን ድምፅ ስንቴ እንደሰማችው አላህ ይወቀው። ከዚያ በኋላ ቋንቋውን ተማረች። ጠዋት የምትወዛወዝ እጅ፦ አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት አደርሽ። ማታ ጽጌረዳ፦ ደህና እደሪ። የተጋጠሙ መዳፎች ሲልክ ጸሎት አይደለም፤ ስለ እናቱ ማመስገኑ ነው። እሷም ጽሑፍ ቀነሰች፤ በድምፅ ትልክለት ጀመር። ሀስና የሰው ድምፅ በእጥፍ ፍጥነት አስሩጣ ነው የምትሰማው። ዙልፋ የሂሻምን አንድም ቀን አላስሮጠችውም፤ በቃልና በቃል መካከል የሚተነፍሰውን እንኳ ማጣት አትፈልግም።

የእማማ ሲቲም ድምፅ በዚያው መጣ። አንድ ቀን ሂሻም ሲቀዳ ከጎን ገብተው፣ «ይቺ ናት መድኃኒተኛዋ? አለሽልኝ ወይ ልጄ? ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት!» አሏት። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጁምዓ ተቀርጾ የሚመጣው ምርቃታቸው ነው። ዙልፋ እኒህን እናት በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። መርሳና ወልዲያ የአጭር መኪና መንገድ ቢሆኑም፣ የሐጂ ልጅ የሞተር ጠጋኝ ቤት ምን ብላ ትሂድ? የምታውቃቸው በድምፃቸው ብቻ ነው፤ ወደደቻቸውም በድምፃቸው።

* * *

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም ገባ። ከወልዲያና ከመርሳ የሚመጣ ወሬ እንጂ ድምፅ አልነበረም። ዙልፋ አዲስ አበባ አንድ ፋርማሲ ሥራ ይዛ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ከሥራ ስትወጣ፣ ግድግዳ ጥግ ቆማ ስልኳን ከንፈሯ ላይ አስጠግታ ትቀዳለች።

«ሂሻም፣ ጁምዓ ሙባረክ። እማማ ሲቲ እንዴት ናቸው? መብራት ከጠፋ፣ ድሮም እንዳልኩህ ኢንሱሊኑን እንስራው ጥግ፣ ቀዝቃዛው ላይ አድርግላቸው። ፀሐይ እንዳይነካው። ያቺን እጅ ምን ብዬ ልረዳት? ንገረኝ እንጂ።»

ድምፁ ይሄዳል፤ አንዲት ምልክት ይዞ ይቀመጣል። ሁለተኛዋ አትመጣም። በሚቀጥለው ጁምዓ ሌላ። ዘጠኝ ጊዜ ላከች፤ ዘጠኙም በአንድ አንድ ምልክት፣ በር እንዳልተከፈተለት እንግዳ ተደርድረው ቆሙ።

ኑርሁሴን በዚህ መካከል ቤት ይመላለስ ነበር። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነጋዴ ነው። ሐጂ ልጃቸውን በጦርነት ዘመን ለተረጋጋ ቤት መስጠት ፈለጉ። ዙልፋ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አባ» እያለች ትገፋለች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለቻት ሀስና ኅዳር ላይ። «ልጠብቅህ ወይስ ልተው ብለሽ ጠይቀሽዋል፤ ሦስት ደቂቃ አስቦ እጁን አወዛወዘልሽ። ቀድቶ ሰረዘው ማለት ነው፤ ለመናገር እንኳ አፈረ። ነገ ኔትወርክ ሲመጣ ይሄን ሁሉ ልመናሽን ሰምቶ ይስቅብሽ?»

የመጨረሻዋ ቃል ገባችባት። ዙልፋ ለብቻዋ ሆና ድምፆቿን አንድ በአንድ መረጠች። ስልኩ ለሂሻምም ይጥፋ እንደሆነ ጠየቃት። አዎ አለች። ቴሌግራም እንዲህ የጠፋ ነገር ፍለጋ የለውም፤ «መልእክት ነበረ፣ ተሰረዘ» እንኳ አይልም። ዘጠኝ ጁምዓ ሙልጭ ብሎ ሄደ። መጨረሻ ላይ ቢጫዋ እጅ ቀረች። እሷን ማጥፋት አልቻለችም። ያን ዕለት እንቅልፍ የወሰዳት ኩራቷን አትርፋ ነው፤ የነቃችው ግን ሰው እንደቀበረች ሆና ነው።

* * *

ታኅሣሥ ላይ ወልዲያም መርሳም ነፃ ወጡ ተባለ። እነሐጂ ሲመለሱ እርሻው ተጎድቷል፤ ብርቱካኑ በጥም ጠውልጎ፣ ከሁለቱ የውሃ ሞተሮች አንዱ ተወስዶ፣ ሌላው ተፈታትቶ ተጥሏል። ሕዝቡ የተረፈውን እየቆጠረ፣ የሞተውን እየተጠያየቀ ነበር።

ኔትወርኩ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። ዙልፋ ፋርማሲው ውስጥ የተሰበረ መደርደሪያ ስታነሣ ስልኳን አየች። ከሂሻም ስም ሥር ለወራት የቆመው ሰዓት ጠፍቶ፣ ኦንላይን የሚል ሰፈረ።

አለ! በሕይወት አለ! ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች፤ አለቀሰች። ይጽፋል ብላ ጠበቀች። አልጻፈም። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች፤ «እንደምን» ብላ ጀምራ አጠፋችው። እንደገና ጀመረች። እየጻፈች እንደሆነ በእሱም ስልክ ይታያል፤ ያውቃል። እሱም ሲጽፍ አየች፤ ወዲያው ቆመ። ሁለቱም ደጃፍ ላይ ደርሰው ማን ያንኳኳ እንደሚባባሉ ሰዎች ሆኑ። ከዚያ ኦንላይን የሚለው ጠፋ። ዙልፋ እንዲህ ያለ ቅርበት ከርቀቱ ይልቅ እንደሚያም ያን ቀን አወቀች።

* * *

ሞተሩን የሚጠግን ሲፈለግ ሐጂ የጠሩት ሂሻምን ነው፤ ሌላ ማን አለ? ለእሳቸው ጎበዝ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ከልጃቸው ጋር ያለውን አያውቁም። ዙልፋ እሱ እርሻው ላይ መሆኑን ሰምታ፣ የሠራተኛውን ምሳ ራሷ ይዛ ሄደች።

ሂሻም ከቦዩ ዳር ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል። ከስቷል። ጺሙ አድጓል። ጥላዋን አይቶ ቀና አለና ዓይኑን መልሶ ሰበረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለችው።

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ ቀስ ብሎ። «አየሽ? ሰላምታ ሲሰጥሽ እንዲህ ነው የሚመለሰው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ግዴታ ነው አይደል? ጠላት እንኳ ቢሆን ሰላምታ ይመለስለታል። አራት ወር ሙሉ ስልኬ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው ምን ይሆን እያልኩ ከረምኩ። ተከፈተ። ቢጫዋን እጅ አይተሻታል፤ ሁለት ምልክት አለባት። ከሥሯ ግን ባዶ። አንዲት ቃል የለም።»

«ሰላምታ!» የያዘችውን ምሳ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «‹ልጠብቅህ ወይስ ልተው› ብዬህ፣ እጅህን አወዛውዘህ ሸኘኸኝ እንጂ! እኔ እኮ ዘጠኝ ጁምዓ ጠርቼሃለሁ። አጠፋሁት። እንዳትስቅብኝ አጠፋሁት!»

ሂሻም ቁልፉን ከእጁ ጣለ። ለአፍታ ትክ ብሎ አያት።

«ድምፁ አልደረሰሽም?»

«የምን ድምፅ?»

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። የተጻጻፉበትን ገጽ ከፍቶ አሳያት። ከቢጫዋ እጅ ከፍ ብሎ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ የሚል ድምፅ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ቀይ ቃለ አጋኖ። ያልሄደ፣ መንገድ ላይ የቀረ።

«ቀድሜ የላክሁት ይሄን ነው። ኔትወርኩ እየሞተ ነበር፤ ድምፅ ከባድ ነው፣ አልወጣም። እጇ ቀላል ስለሆነች ቀድማ አመለጠች። ይሄው ኔትወርክ ከመጣ ጀምሮ ‹ድጋሚ ላክ ወይስ ሰርዝ› ይለኛል። የአንቺን ዝምታ ሳይ መላኩን ተውኩት። መሰረዙንም...» የተሰነጠቀውን መስታወት በጣቱ ጠረገ። «መሰረዝ አልችልም።»

«ላከው» አለች ዙልፋ።

«አሁን?»

«አሁን። ለእኔ ነው የተባለው።»

ሂሻም ቀዩን ምልክት ነካ። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በእጇ የያዘችው ስልክ ጮኸ። ገና ያልተሰማ መሆኑን የምትናገር ነጥብ ከሰዓቱ ጎን አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ሂሻም ፊቱን ወደ ጠወለገው ብርቱካን አዞረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዙልፋ። በጽሑፍ ልመልስልሽ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ስሚኝ፤ እማን ትቼ አልወጣም፣ ነገ ምን እንደሚመጣም አላውቅም። እንዲህ ሆኜ ‹ጠብቂኝ› ብልሽ ግፍ ነው።» ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ጉም ጉም ይላል። «ግን ጠየቅሽኝ፤ አልዋሽሽም። ጠብቂኝ። አላህ ካተረፈኝ ሽማግሌ ይዤ አባትሽ ደጅ እቆማለሁ። ለሐጂ ንገሪያቸው፤ እንደ ሌባ በጓሮ አልፈልግሽም። ደሃ ነው ካሉ እውነታቸውን ነው። አይወዳትም ካሉ ግን ተሳስተዋል በያቸው።»

ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ያረጀ፣ የሚስቅ ድምፅ።

«ከማን ጋር ነው? ከዙልፋዬ? አምጣት እስቲ! አለሽልኝ ወይ ልጄ? መድኃኒትሽ አለ፣ አትስጊ። ይሄ ፈሪ ልጄ የልቡን ነገረሽ ወይስ እኔ ልንገርሽ? እኔስ ሰላም አልላትም? ያቺን እጅ አምጣልኝ፣ የምትወዛወዘውን። ፊደል አላውቅ፣ እሷን አውቃታለሁ። በየት በኩል ነው የምነካት?»

«ቆይ እማ፣ መጀመሪያ ድምፁ ይሂድ...»

አለቀ።

ዙልፋ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ቆመች። ቢጫዋ እጅ የእሱ አልነበረችም። ስንብትም አልነበረችም። አንዲት ፊደል የማታውቅ እናት በገዛ ጣቷ የላከችላት ሰላምታ ነበረች።

«ሂሻም» አለች። «እማማ ሲቲስ?»

ፊቱን ከብርቱካኑ አልመለሰም። ትከሻው ብቻ ተናወጠ።

«መቼ?»

«ጥቅምት ሲያልቅ። መድኃኒቱን እንስራው ጥግ አድርጌ እየቆጠብኩ... አለቀ። እስከ መጨረሻው ‹ዙልፋ ሰላምታዬን መለሰች?› ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ‹ሲመጣ ትመልሳለች› ትላለች። ከዚያ ወዲህ ይሄን ድምፅ ከፍቼ አላውቅም። ከእሷ ያለኝ የመጨረሻ ድምፅ ይሄ ነው።»

ዙልፋ ጥቅምት ሲያልቅ የት እንደነበረች አሰበች። ኢንሱሊን የሞላ ፍሪጅ አጠገብ። ቦዩ ዳር ተቀመጠች። እሱም አንድ ሜትር ርቆ ተቀመጠ። ስልኩን በሁለቱ መካከል ሣሩ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አብረው ሰሙት። የእናቱ ሳቅ በደረቀው እርሻ ላይ ሲሰማ ሂሻም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዙልፋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለዚያ ሳቅ፣ «ወዐለይኩሙ ሰላም እማማ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ የዘገየ ነገር ተናግራ አታውቅም።

* * *

ማታውን አልጠበቀችም። ከዐስር ሶላት መልስ አባቷ ምንጣፋቸው ላይ እንዳሉ ስልኩን ፊታቸው አስቀመጠች።

«አባ፣ ይቺን ይስሙልኝ። ከሰሙ በኋላ የፈለጉትን ይፍረዱ።»

ሐጂ አብዱልሐሊም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ፤ «በጓሮ አልፈልግሽም» የሚለው ላይ ግን ቅንድባቸው ተነሣ። የእማማ ሲቲ ድምፅ ሲገባ አንገታቸውን ደፉ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው።

«እኒህ ሴት አሉ?»

«የሉም አባ። እኛ ሳንኖር ነው ያለፉት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ከምንጣፉ አነሡ። «ይሄ ልጅ ዛሬ ሲሠራልኝ ዋለ። እናትህ እንዴት ናቸው ብዬ አልጠየቅሁትም። ስለ ሞተር ብቻ ነው ያወራሁት።» ሌላ ነገር አልጨመሩም። ስለ ኑርሁሴንም፣ ስለ ልጃቸውም። «ነገ ወልዲያ ለቅሶ እንደርሳለን። ነጠላሽን አዘጋጂ» ብቻ አሉ። ዙልፋ ፈቃድ ይሁን ቁጣ መለየት አቃታት፤ በተስፋና በፍርሃት መካከል ነጋላት።

የእማማ ሲቲ ቤት አንድ ክፍል ናት። መንገድ ተዘግቶበት ያልደረሰ ለቀስተኛ ገና ይመጣል፤ ከሲሪንቃ የመጡ ዘመዶች፣ ከጎረቤትም ደብሪቱ የሚባሉ ክርስቲያን አሮጊት፣ ሟቿን በመጨረሻ ቀናቸው ያስታመሙ፣ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። ሐጂ ሲገቡ ሂሻም ደንግጦ ተነሣ። አዛውንቱ አቀፉት።

«አላህ ይዘንላቸው። አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ። ትናንት ሳልጠይቅህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ሐጂ፣ አንቱ ይቅርታ አይሉኝም» አለ፤ ቀሪውን እንባ ወሰደው።

ዙልፋ ከሴቶቹ ጎን ተቀመጠች። ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ እንስራውን አየች። በድምፅ ብቻ የምታውቀው ቤት ይሄ ነው። ባለቤቷ ብቻ የሉም። ሳታውቀው እንባዋ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ማቆም አቃታት። ደብሪቱ ዘወር ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ የምታለቅሺው፣ ለሲቲ ምኗ ነሽ?»

ቤት ያለው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሂሻም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዙልፋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ምን ትበል? መድኃኒት ላኪ? የምታውቃቸው? በዓይኗ እንኳ አይታቸው አታውቅ።

ከወንዶቹ በኩል ሐጂ አብዱልሐሊም ሙስበሃቸውን እጃቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ምራታቸው ናት» አሉ።